ሲቪን በችሎታ ማደራጀት፦ መስመሩ ሲዛወር እውነቱ እንዳይዛነፍ

አንዲት ሴት ከ2005 እስከ 2009 ዓ.ም በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተማረች እንበል። ሁለት ዓመት ልጅ ስታሳድግ ቆየች፤ ከ2012 እስከ 2015 ደግሞ በአንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት የመስክ ረዳት ነበረች። አሁን «የሥልጠና አስተባባሪ» የሚል የሥራ ማስታወቂያ አይታለች። ሲቪዋ እንደተለመደው ከቅርቡ ሥራ ተነሥቶ ወደ ኋላ ስለሚሄድ ቀጣሪው መጀመሪያ የሚያነበው «የመስክ ረዳት» የሚለውን ነው። አምስት ዓመት ማስተማሯ የሚመጣው ከታች፣ ከሥራ ክፍተቱ በኋላ ነው።

በችሎታ የተደራጀ ሲቪ ይህን ቅደም ተከተል ይለውጣል። መነሻው ማስታወቂያው ነው። ደጋግሞ የሚጠይቃቸው ነገሮች ሥልጠና መስጠት፣ መረጃ ማሰባሰብና ሰዎችን ማስተባበር ከሆኑ፣ እነዚሁ ሦስቱ ርዕስ ይሆናሉ። ከዚያ የድሮውን ሲቪ አትሞ በየመስመሩ ጎን የትኛው ርዕስ ሥር እንደሚገባ መጻፍ ነው። መስመሩ ሲዛወር ግን የተሠራበትን ቦታና ዘመን ይዞ መሄድ አለበት፦ «ለ9ኛና ለ10ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተማርኩ፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ 2005–2009።» ይህች ጭራ የማትመች ትመስላለች። ስትቆረጥ ግን ጥፋቱ ይጀምራል።

የመጀመሪያው ጥፋት ሁለት እውነት ተገናኝቶ አንድ ውሸት መውለዱ ነው። መምህርቷ በትምህርት ቤቷ የሳይንስ ክበብን መርታለች። በድርጅቱ ደግሞ ከ14 ቀበሌዎች የመጠይቅ ቅጽ ሰብስባለች። «ማስተባበር» በሚለው ርዕስ ሥር ሁለቱ ሲጣመሩ «በ14 ቀበሌዎች ቡድን መርቻለሁ» ይወጣል። መምራቱም እውነት ነው፣ 14 ቀበሌዎችም እውነት ናቸው፤ ዓረፍተ ነገሩ ግን አልሆነም። አንድ መስመር ከአንድ ሥራ ብቻ ይቀዳ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የዓመት ድምር ነው። ይህችው መምህርት በ2008 እና በ2009 ማታ ማታ በግል ኮሌጅ አስተምራለች። በድሮው ሲቪ ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ስለሚታዩ ችግር የለም። በችሎታ ሲሰበሰቡ ግን አምስትና ሁለት ተደምሮ «የ7 ዓመት የማስተማር ልምድ» ይባላል። የማታው ሥራ ያረፈው በቀኑ ሥራ ዘመን ውስጥ ስለሆነ ልምዷ 5 ዓመት ነው። ይህን የሚያስተውል ቀጣሪ የቀረውንም መስመር በጥርጣሬ ያነባል።

ሦስተኛው ግሥ ነው። በመስክ ሥራዋ «አሠልጣኙን አገዝኩ» ብላ የጻፈችው፣ «ሥልጠና መስጠት» የሚል ርዕስ ሥር ሲገባ «አሠለጠንኩ» ወደሚለው ይንሸራተታል። ርዕሱ ራሱ ይጎትተዋል። «አገዝኩ» የሚለው ቃል እንዳለ ይቀመጥ፤ ምን እንዳገዘች ግን በዝርዝር ይጻፍ፦ አዳራሽ አዘጋጀች፣ የተሳታፊ መዝገብ ያዘች፣ የቡድን ውይይት መራች።

ሲቪው ካለቀ በኋላ ወደ ኋላ መፈተሽ ይቻላል። እያንዳንዱን አዲስ መስመር ይዞ ወደ ድሮው ሲቪ መመለስ ነው። ቤቱን ካላገኘ ወይም ሁለት ቤት ካስፈለገው በመንገድ ላይ ተለውጧል ማለት ነው።

የሥራ ታሪኩ ፈጽሞ መጥፋት የለበትም። የሥራ መደቡ መጠሪያ፣ መሥሪያ ቤቱ፣ የተጀመረበትና ያበቃበት ወርና ዓመት ከችሎታዎቹ በታች በአጭሩ ይሰፍራሉ፤ መጠሪያውም የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ እንዳለው ይሁን። ቀን የሌለው ሲቪ የደረሰው ቀጣሪ ምን ተደብቆ ይሆን ብሎ ያስባል። የሁለቱ ዓመት ክፍተትም በግልጽ ይታይ፤ «ልጅ በማሳደግ ላይ» የሚል አንድ መስመር ይበቃዋል።

ማመልከቻው ወደ ውጭ አገር የሚሄድ ከሆነ የዘመን አቆጣጠሩ ላይ አደጋ አለ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ዓመት ይደመራል፣ ከዚያ በኋላ 8። ስለዚህ ከመስከረም 2005 እስከ ነሐሴ 2009 ያለው ዘመን በአውሮፓውያን ከሴፕቴምበር 2012 እስከ ኦገስት 2017 ይሆናል። በሁለቱም ላይ 8 የደመረ ሰው መነሻውን 2013 ያደርገዋል፤ በሁለቱም ላይ 7 የደመረ ደግሞ መድረሻውን 2016። በሁለቱም መንገድ በእውነት የተሠራ አንድ ዓመት ይጠፋል።

ይህ አቀራረብ ለሁሉም ማመልከቻ አይሆንም። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ማስታወቂያ «አግባብነት ያለው የሥራ ልምድ» ብሎ ዓመት ሲጠይቅ፣ መዝጋቢው የሚያየው የእያንዳንዱን ሥራ መነሻና መድረሻ ከደብዳቤው ጋር አስተያይቶ ነው። እዚያ የድሮው የጊዜ ቅደም ተከተል ሥራውን ያቀልለታል፤ በችሎታ የተደራጀው ሲቪ የሚጠቅመው አመልካቿ ምን መሥራት እንደምትችል አንብቦ የሚመርጥ ሰው ሲኖር ነው።