አንድ ጊዜ የሚሠራ ኢንቮይስ

የቤት ዕቃ የሚሠራ ሰው 12 ወንበር በ1,850 ብር፣ አንድ ጠረጴዛ በ9,400 ብር ሸጠ እንበል። ይህን በየጊዜው በካልኩሌተር ከማስላት በኤክሴል አንድ ቅጽ ማዘጋጀት ይሻላል። ብዛቱ በC፣ ነጠላ ዋጋው በD፣ ድምሩ በE ዓምድ ይግባ፤ 15 በመቶው የተጨማሪ እሴት ታክስ ግን H1 ላይ ብቻ ይጻፍ። ቀመሩ ውስጥ ከተቀበረ፣ መጠኑ ሲቀየር ቀመሮቹን አንድ በአንድ ማደን ይመጣል።

```
E8:  =IF(C8="","",C8*D8)
E21: =SUM(E8:E20)
E22: =ROUND(E21*$H$1,2)
E23: =E21+E22
```

የE8ን ቀመር እስከ E20 ጎትተው ይቅዱት። በምሳሌያችን ንዑስ ድምሩ 31,600፣ ታክሱ 4,740፣ ጠቅላላው 36,340 ብር ይወጣል።

አዘውትሮ የሚያጋጥመው ስሕተት ዋጋውን «1850 ብር» ብሎ መጻፍ ነው። ኤክሴል ይህን እንደ ቃል ስለሚቆጥረው #VALUE! ያሳያል። ቁጥሩን ብቻ ይጻፉ፤ «ብር» የሚለውን በሴሉ ፎርማት ያምጡት።

ሲጨርሱ ፋይሉን በ.xltx ዓይነት ያስቀምጡት። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ጠቅ አድርገው ሲከፍቱት አዲስ ቅጂ ይሰጥዎታል፤ ዋናው አይነካም። ይህ ሰነድ ግን ክፍያ መጠየቂያ እንጂ ሕጋዊውን የታክስ ደረሰኝ አይተካም።