ኤሲሲኤ ከመራዊ ሲታሰብ

የሂሳብ ሙያ ምስክር ወረቀት በኢትዮጵያ ትልቅ ክብደት ያገኘው አዋጅ ቁጥር 847/2006 ከወጣ በኋላ ነው። አዋጁ ድርጅቶች ዓለም አቀፍ የፋይናንስ ሪፖርት ደረጃዎችን እንዲከተሉ አዘዘ፤ ሙያውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ የሂሳብ አያያዝና ኦዲት ቦርድም ተቋቋመ። የኦዲት ሪፖርት ላይ ለመፈረም ዲግሪ ብቻውን አይበቃም፤ የቦርዱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ወደዚያ ከሚያደርሱት መንገዶች ዋነኛው መቀመጫውን እንግሊዝ ያደረገው የኤሲሲኤ አባልነት ነው።

ኤሲሲኤ 13 ፈተናዎች አሉት። የሂሳብ ዲግሪ ያለው ሰው እስከ 9 ከሚደርሱት ነፃ ሊደረግ ይችላል፤ ስንቱ እንደሚቀነስለት ግን በተማረበት ዩኒቨርሲቲና በወሰዳቸው ኮርሶች ይወሰናል። ከባሕር ዳር ተመርቆ መራዊ ባለ የባንክ ቅርንጫፍ የሚሠራ ወጣት 5 ተቀነሰለት እንበል። የቀሩትን 8 ፈተናዎች በዓመት ሁለት ሁለት እየወሰደ ምንም ሳይወድቅ ቢያልፍ 4 ዓመት ይፈጅበታል። የመጨረሻው ደረጃ 4 ፈተናዎች ደግሞ ቀነ ገደብ አላቸው፤ የመጀመሪያው ከታለፈ በኋላ ሁሉም በ7 ዓመት ውስጥ ማለቅ አለባቸው።

ብዙዎች የማያስቡት እንቅፋት የ36 ወር የሥራ ልምዱ ነው። የሠራበትን ጊዜ የቅርብ አለቃው ሊያረጋግጥለት ይችላል፤ ሙያዊ ብቃቱን ግን የሚፈርምለት ራሱ የተመሰከረለት የሂሳብ ባለሙያ መሆን አለበት። በትንሽ ከተማ ቅርንጫፍ እንዲህ ያለ አለቃ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ፈራሚውን ማግኘት፣ ካልተገኘም ወደ ዋና መሥሪያ ቤት ወይም ወደ ኦዲት ድርጅት የሚዛወርበትን ጊዜ ማስላት ይኖርበታል።

ሌላው ጉዳይ ክፍያው በፓውንድ መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዚያው ፈተና ዋጋ በብር ሲታሰብ በወራት ውስጥ እጥፍ ያህል ሆኗል። አባል ከሆኑም በኋላ ወጪው አይቆምም፤ ዓመታዊ መዋጮና በየዓመቱ 40 ዩኒት ተከታታይ ትምህርት አለ። እናም የሚወዳደረው የፈተናው ወጪ ከመጀመሪያው የደመወዝ ጭማሪ ጋር ሳይሆን፣ የ30 ዓመት መዋጮ ምስክር ወረቀቱ ከሚከፍተው የሥራ ደረጃ ጋር ነው።

የፕሮጀክት አመራሩ ፒኤምፒ ከዚህ ይለያል። አንድ ፈተና ብቻ ነው፤ ዲግሪ ላለው ሰው 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና የ35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል፤ በየ3 ዓመቱም ይታደሳል። ሆኖም ፒኤምፒ እንደ ኦዲተር ፈቃድ በሕግ የተከለለ ፊርማ አያስገኝም። በመራዊ አቅራቢያ ያለውን የቆጋ መስኖን ለመሰለ ሥራ ቀጣሪ ሲጠይቀው ይጠቅማል፤ ቀጣሪ ሳይጠይቀው ግን ዋጋው በያዘው ሰው ልምድ ላይ ያርፋል። በሕግ የተጠበቀ ፊርማ የሚፈልግ ሰው ረጅሙን መንገድ ይመርጣል፤ ፕሮጀክት እየመራ ያለና የውጭ ቀጣሪ የሚያይ ሰው አጭሩን።