ሲታጠፍ የሚከሳው ክርን

በኮምፒውተር የተሠራ ሰው እጁን ሲያጥፍ ክርኑን ልብ ብላችሁ እዩት። ሥራው የጀማሪ ከሆነ ክንዱ እንደተቆለመመ የውሃ ጎማ መታጠፊያው ላይ ይጨፈለቃል። እኔም መጀመሪያ አካባቢ የክንዱን ቅርጽ እያፈረስኩ ደጋግሜ እሠራ ነበር። ችግሩ ግን ቅርጹ አልነበረም።

ብሌንደር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም የሰውየው ቆዳ በመስመር የተያያዙ ነጥቦች መረብ ነው። በውስጡ አጥንት ይገባል፤ አጥንቱ ሲዞር ነጥቦቹን ይዞ ይዞራል። አንድ ነጥብ ለየትኛው አጥንት ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚወስነው ዌይት የሚባል ቁጥር ነው። 0 ከሆነ ንቅንቅ አይልም፣ 1 ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይከተለዋል። ዌይት ፔይንት ማለት ይህን ቁጥር በብሩሽ መቀባት ነው፤ ሰማያዊው 0፣ አረንጓዴው ግማሽ፣ ቀዩ 1።

ክርኑ ጫፍ ላይ ያለ አንድ ነጥብ ለላይኛው ክንድ 0.5፣ ለታችኛውም 0.5 ይታዘዛል እንበል። ክንዱ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ የላይኛው አጥንት «ባለህበት ቆይ» ይለዋል፣ የታችኛው «አብረኸኝ ዙር» ይለዋል። ፕሮግራሙ የሁለቱን ቦታ አማካይ ይወስዳል። ይህ አማካይ ደግሞ ነጥቡ ሊዞርበት በሚገባው ቅስት ላይ አያርፍም፤ ቅስቱን አቋርጦ በሚያልፈው ቀጥታ መስመር ላይ ነው የሚያርፈው። ስለዚህ ነጥቡ ወደ መጋጠሚያው ይጠጋል፤ 5 ሴንቲ ሜትር የነበረው ርቀት ወደ 3.5 ይወርዳል። ክርኑን የሚያከሳው ይህ ነው።

መድኃኒቱ የሚጀምረው አጥንት ከመግባቱ በፊት ነው። ክርኑን የሚዞሩ ሦስት የነጥብ ቀለበቶች ያስፈልጋሉ፤ አንዱ መታጠፊያው ላይ፣ ሁለቱ ግራና ቀኙ። የአጥንቶቹን መጋጠሚያ ከክንዱ መሐል ትንሽ ወደ ክርኑ ጫፍ ማስጠጋት ይረዳል፤ ጫፉ ለመጋጠሚያው ሲቀርብ የሚያጣው ርቀትም ያንሳል። ከዚያ ቆዳውን፣ ቀጥሎ አጥንቱን መርጦ Ctrl+P ተጭኖ With Automatic Weights ማለት ነው። ፕሮግራሙ የመጀመሪያውን ቅብ ራሱ ይሰጣል።

ቅቡን የማስተካክለው ክንዱን አጥፌ ነው፤ በተዘረጋ ክንድ ላይ ስህተቱ አይታይም። ለታችኛው አጥንት መሐለኛውን ቀለበት 0.5፣ ከበላዩ ያለውን 0.2 ገደማ፣ ከበታቹ ያለውን 0.8 ገደማ አደርጋለሁ። እጥፋቱ ለሦስት ስለሚከፋፈል አንዱ ቀለበት ብቻውን አይጨፈለቅም። Auto Normalize ከበራ ከአንዱ አጥንት የቀነስኩት ለሌላው ይጨመራል፤ ድምሩ ከ1 አይወጣም።

አሁንም ከከሳ Preserve Volume የሚል ምርጫ አለ። ነጥቦቹን በቅስቱ ላይ ያስኬዳል፤ ነገር ግን የክርኑን ጀርባ ያሳብጠዋል። ስለዚህ ከቅቡ አስቀድሜ አልነካውም።

ከክርኑ ስጨርስ እጁን ወደ ላይ አነሣና ብብቱን አያለሁ። የጎድኑ ቆዳ እንደ ማስቲካ ተስቦ ከክንዱ ጋር ከወጣ፣ እዚያ የቀረ የክንድ ቅብ አለ ማለት ነው። የክንዱን አጥንት መርጬ ጎድኑ ላይ ሰማያዊ እስኪሆን እጠርገዋለሁ።