የእጅ አንጓ ስብራት በቃላት ሲነገር

ተደናቅፎ የሚወድቅ ሰው መዳፉን ዘርግቶ ራሱን ለመታደግ ይሞክራል። የሰውነቱ ክብደት አንጓው ላይ ሲያርፍ፣ በአውራ ጣት በኩል ያለው የክንድ አጥንት፣ ማለትም ራዲየስ፣ ጫፉ አካባቢ ይሰበራል። የደብሊኑ ቀዶ ሐኪም አብርሃም ኮሊስ ይህን ስብራት እ.ኤ.አ. በ1814 የገለጸው ራጅ ሳይኖር ነው፤ ሮንትገን ጨረሩን ያገኘው በ1895 ነውና። የኮሊስ ስብራት የሚባለው ዛሬም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለውን ራጅ ያነበበ ሐኪም ፊልሙን ላላየ የአጥንት ስፔሻሊስት በስልክ ማስረዳት ይኖርበት ይሆናል። «ራዲየሷ ተሰብሯል» ማለት ብቻውን የሚያስወስን ነገር የለውም። ስለዚህ አራት ነገሮች በተራ ይነገራሉ፦ ስብራቱ የት እንደሆነ፣ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ አጥንቱ ምን ያህል እንደተንሸራተተና ወዴት እንደዘነበለ።

ደረጃ ላይ የወደቁ የ58 ዓመት ሴትን እንውሰድ። አንጓቸው ከፊት ለፊትና ከጎን ሁለት ራጅ ተነስቷል። ሁለቱም ያስፈልጋሉ፤ ወደ እጅ ጀርባ የሄደ አጥንት ከፊት ለፊት ሲታይ ደህና ሊመስል ይችላል።

መጀመሪያ ቦታው። ስብራቱ ከመጋጠሚያው ወደ ክርን 2 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ነው፤ መስመሩም መጋጠሚያው ውስጥ አልገባም። ይህች የመጨረሻዋ ሐረግ መቅረት የለባትም። መስመሩ ገብቶ ቢሆን ኖሮ የመጋጠሚያው ገጽ ደረጃ ሠርቶ እንደሆነ በሚሊሜትር መለካት ግድ ይሆን ነበር።

ቀጥሎ ዓይነቱ። ከፊት ለፊት መስመሩ አግድም ነው። ከጎን ሲታይ ግን በእጅ ጀርባ በኩል ያለው የአጥንቱ ግድግዳ ደቅቋል። ይህ ለነገው ሕክምና ይጠቅማል፦ አጥንቱ ተስቦ ቢስተካከልም በዚያ ወገን የሚደግፈው ስለሌለ ጀሶው ውስጥ እንዳለ ተመልሶ ሊዘነብል ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራጁ የሚደገመው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው መንሸራተቱ ነው። እዚህ ላይ አንድ ስምምነት አለ፤ ምንጊዜም የሚነገረው በእጅ በኩል ያለው ስባሪ በክርን በኩል ካለው አንጻር የሄደበት አቅጣጫ ነው። የእኚህ ሴት ስባሪ የአጥንቱን ውፍረት ሩብ ያህል ወደ እጅ ጀርባ ሄዷል። ማጠሩም እዚሁ ይነገራል። የራዲየስ ሹል ጫፍ ከጎረቤቱ አጥንት፣ ከአልና ራስ፣ አብዛኛውን ጊዜ 11 ወይም 12 ሚሊሜትር ያህል ያልፋል። የእሳቸው የሚያልፈው 6 ሚሊሜትር ብቻ ነው። ሰው ከሰው ስለሚለያይ ጤነኛው አንጓም ተነስቶ ቢነጻጸር ይመረጣል።

ብዙ ስሕተት ያለው በአራተኛው፣ በመዘንበሉ ላይ ነው። በጎን ራጁ ላይ በአጥንቱ ርዝመት መስመር ይሰመራል፤ ለእሱ ቀጤ ነክ የሆነ ሌላ መስመር ይሰመርና የመጋጠሚያው ገጽ ከዚያ በስንት ዲግሪ እንደራቀ ይለካል። ጤነኛ ራዲየስ ወደ መዳፍ 11 ዲግሪ ያህል ያዘነብላል። የእኚህ ሴት ወደ እጅ ጀርባ 20 ዲግሪ ዘንብሏል፤ ከነበረበት ሲቆጠር 31 ዲግሪ ዞሯል ማለት ነው። መነሻውን ሳይናገሩ ቁጥር መጥራት ሰሚውን ያሳስታል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ አንዳንዱ የስባሪውን አቅጣጫ ሲናገር ሌላው የስብራቱ ማዕዘን የሾለበትን ወገን ይናገራል። የእሳቸው ማዕዘን የሾለው ወደ መዳፍ ነው። ስለዚህ አንዱ «ወደ ጀርባ»፣ ሌላው «ወደ መዳፍ» ብለው ስለ አንድ አጥንት ሊያወሩ ይችላሉ። «በእጅ በኩል ያለው ስባሪ ወደ እጅ ጀርባ ዘንብሏል» ተብሎ ሲነገር ግን የሚያጠራጥር ነገር አይኖርም።

ልኬቱ የሚታመነው የጎን ራጁ በትክክል ከጎን ከተነሳ ነው። ክንዱ ትንሽ ከዞረ ዲግሪው ይለወጣል። ይህን ለማወቅ ፒሲፎርም የምትባለውን ትንሽ የአንጓ አጥንት መፈለግ ነው፤ የፊት ጠርዟ በስካፎይድና በካፒቴት አጥንቶች የፊት ጠርዞች መካከል ካረፈ ራጁ ደህና ነው፤ ካልሆነ ይደገማል።

አጥንቱ ተስቦ በጀሶ ከታሰረ በኋላም ራጁ በእነዚሁ አራት ነጥቦች ይነበባል። የአሜሪካ የአጥንት ቀዶ ሐኪሞች አካዳሚ መመሪያ ከ65 ዓመት በታች ለሆኑ ታካሚዎች፣ ከተስተካከለ በኋላ ማጠሩ ከ3 ሚሊሜትር፣ ወደ እጅ ጀርባ መዘንበሉ ከ10 ዲግሪ ወይም በመጋጠሚያው ላይ ያለው ደረጃ ከ2 ሚሊሜትር ካለፈ ቀዶ ሕክምናን ይደግፋል። የእኚህ ሴት አጥንት ተስቦ መዘንበሉ ወደ 5 ዲግሪ፣ ማጠሩ ወደ 2 ሚሊሜትር ከወረደ በጀሶ ይቆያሉ። ከሳምንት በኋላ 15 ዲግሪ ሆኖ ቢገኝ ግን የደቀቀው ግድግዳ አልያዘም ማለት ነውና ስለ ቀዶ ሕክምና ይነጋገራሉ።