ለአካዳሚው የሚጻፍ የእናት ደብዳቤ

አንድ የሴት ታዳጊዎች አሰልጣኝ የወላጅ ደብዳቤ ሲደርሰው መጀመሪያ ዓይኑ የሚፈልገው የትውልድ ቀኑን ነው። ልጅቷ በየትኛው የዕድሜ ቡድን ትሞከር? ቀጥሎ የምትጫወትበትን ቦታ፣ ከዚያ ደግሞ ሙሉ ልምምድ ለመሥራት ጤናዋ ይፈቅድ እንደሆነ ያያል። ብዙ ወላጆች የሚጽፉት ግን ሌላ ነው፤ ልጄ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ኳስ ትወዳለች፣ ሕልሟ እንደ ሎዛ አበራ መሆን ነው፣ ዕድሉን ብታገኝ አታሳፍራችሁም። ይህ ሁሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሁሉም ደብዳቤ የሚለው ይህንኑ ስለሆነ አሰልጣኙ አንዷን ከሌላዋ የሚለይበት ነገር አያገኝም።

የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ያለቻት አንዲት እናት በአቅራቢያዋ ላለ የእግር ኳስ አካዳሚ ልትጽፍ ተቀምጣለች እንበል። ደብዳቤዋ ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትም፤ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

ግንቦት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ለአካዳሚው የሴት ታዳጊዎች ክፍል
ጉዳዩ፦ ለልጄ የሙከራ ዕድል እንዲሰጣት ስለመጠየቅ

ልጄ የተወለደችው ታኅሣሥ 25 ቀን 2003 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 2011) ሲሆን አሁን የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ላለፉት ሁለት ዓመታት በሰፈራችን የታዳጊዎች ፕሮጀክት በሳምንት ሦስት ቀን ልምምድ ስትሠራ ቆይታለች። ግራ እግረኛ ነች፤ የምትጫወተው በግራ መስመር ተከላካይነት ሲሆን አንዳንዴ በመስመር አማካይነትም ትሰለፋለች። በፕሮጀክቱ በቂ ሴቶች ስለሌሉ የምትጫወተው ከእኩዮቿ ወንዶች ጋር ነው። ባለፈው ጥቅምት ቀኝ ቁርጭምጭሚቷን ወለም ብሏት አምስት ሳምንት አርፋለች፤ ከኅዳር መጨረሻ ጀምሮ ያለ ሕመም ሙሉ ልምምድ ትሠራለች። ባለፈው አንድ ዓመት ቁመቷ 7 ሴንቲ ሜትር ጨምሯል።

የ8ኛ ክፍል ፈተናዋን ከጨረሰች በኋላ ባሉት የክረምት ሳምንታት፣ የሚቻል ከሆነ በአንድ ቀን ሳይሆን ከቡድኑ ጋር ለጥቂት የልምምድ ቀናት እንድትሞከር በትሕትና እጠይቃለሁ። በሙከራው ቀናት እኔ ወይም አባቷ አብረናት እንገኛለን። የልደት የምስክር ወረቀቷንና የክትባት ካርዷን ቅጂ አያይዣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ወላጅ እናት፣ ስምና ስልክ ቁጥር

ከዚህ ሁሉ ወላጆች በቀላሉ የሚሳሳቱት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ነው። በዓለም አቀፍ እግር ኳስ የታዳጊዎች የዕድሜ ወሰን የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። የእኛ ዓመት ደግሞ ከፈረንጆቹ አንዴ በሰባት፣ አንዴ በስምንት ይለያል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 21 ወይም 22 ድረስ ለተወለደ ሰባት ይደመራል፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን ድረስ ስምንት። ይህች ልጅ የተወለደችው ድንበሩን በሁለት ቀን አልፋ ነው። እናቷ በችኮላ 2003 ላይ ሰባት ደምራ 2010 ብትጽፍ፣ ልጅቷ ካሉት ሁሉ ታናሽ ሆና ከላይኛው የዕድሜ ቡድን ትመደባለች። በትክክለኛው ቀን ግን ከ2011 ልጆች ሁሉ ታላቋ እርሷ ነች ለማለት ይቻላል። ከ17 ዓመት በታች የሴቶች ዓለም ዋንጫ ከ2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በየዓመቱ እንዲካሄድ ስለተወሰነ ጉዳዩ ሩቅ አይደለም፤ በ2011 የተወለደች ልጅ እስከ 2028 ድረስ ዕድሜዋ ይፈቅድላታል፣ በ2010 የተጻፈችው ግን በ2027 ያበቃላታል። አንድ ሙሉ ዓመት በአንድ የመደመር ስሕተት ይሄዳል ማለት ነው። ከዚህም የሚከፋው፣ አንዴ በአንዱ ቀን፣ ሌላ ጊዜ በሌላው የተመዘገበች ልጅ ዕድሜዋን ቀይራለች ተብላ መጠርጠሯ ነው።

ጥርጣሬው ደግሞ ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለዱ የብዙ ልጆች የልደት ወረቀት የወጣው ከዓመታት በኋላ፣ በወላጅ ቃል ነው። አሰልጣኞች ይህን ያውቃሉ፤ የልደት የምስክር ወረቀቱ ብቻውን የማያረካቸውም ለዚህ ነው። በወንዶች በኩል ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ. ያስነሳል፤ የአጥንቱ ማደጊያ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከተገጠመ ተጫዋቹ ዕድሜው አልፏል ተብሎ ይገመታል። ሴቶች ልጆች ግን ቀድመው ስለሚጎረምሱ አጥንታቸውም ቀድሞ ይገጥማል፤ በወንዶች ላይ የተሠራው መለኪያ ለእነርሱ አይሆንም። ስለዚህ የሴት ልጅ ዕድሜ የሚረጋገጠው ከሁሉ በላይ በወረቀት ነው። ጠንካራው ወረቀት ደግሞ ማንም ስለ ኳስ ሳያስብ የተጻፈው ነው፤ የክትባት ካርድ፣ የክርስትና ወረቀት፣ ወይም አንደኛ ክፍል ስትገባ ትምህርት ቤቱ የመዘገበው ቀን። ከመካከላቸው አንዱ እንኳ ካለ ቅጂው ከደብዳቤው ጋር ይያያዝ።

ስለ ጨዋታዋ የሚጻፈው አጭር ቢሆንም ይመረጥ። ወላጅ ልጁ ጎል ስታገባ ማየት ስለሚወድ ሁሉም ልጅ በደብዳቤ ላይ አጥቂ ነች። ግራ እግረኛ ተከላካይ ግን በየትኛውም ቡድን ብርቅ ስለሆነች አሰልጣኙ ያንን መስመር ሁለት ጊዜ ሊያነበው ይችላል። ከወንዶች ጋር መጫወቷም መጻፍ ያለበት ነገር ነው፤ ኳሱን ለመቆጣጠር ያላት ጊዜ አጭር በሆነበት ጨዋታ ውስጥ እንደለመደች ይናገራል። ጎበዝ ነች፣ ፈጣን ነች የሚለው ፍርድ ለተመልካቹ ቢተው ይሻላል።

የቁመቱና የወለምታው ነገር ብዙ ወላጆች የሚደብቁት ነው። ልጄን ይጥሏታል ብለው ይሰጋሉ። እኔ ግን ከሁሉም በላይ መጻፍ ያለበት ይህ ነው እላለሁ። ሴቶች ልጆች በፍጥነት የሚመዘዙት በአማካይ በአሥራ ሁለት ዓመት አካባቢ ነው፤ በአሥራ አራት ዓመታቸው አብዛኞቹ ወደ መጨረሻ ቁመታቸው ተጠግተዋል። አንዳንዶቹ ግን ይዘገያሉ፤ በዓመት 7 ሴንቲ ሜትር የጨመረች ልጅ ገና በመመዘዝ ላይ ነች። በዚህ ጊዜ እግሯ ከለመደችው በላይ ስለረዘመ ባለፈው ዓመት ያለ ችግር ታቆመው የነበረ ኳስ ከእግሯ ይሸሻል፤ ሩጫዋም ከባድ ይመስላል። ይህን የማያውቅ መልማይ ኳስ አትችልም ብሎ ይመልሳታል። የሚያውቀው ግን አስተያየቱን ወደ ሌላ ነገር ያዞራል፤ ኳሱ ሳይደርሳት በፊት ዞር ብላ ታያለች ወይ? ኳስ ስትነጠቅ ቆማ ትቀራለች ወይስ ወዲያው ተመልሳ ትከተላለች? እነዚህ ከቁመት ጋር አይለወጡም። መለካቱ ቀላል ነው፦ በየወሩ በአንድ ቀን፣ ጠዋት፣ በባዶ እግሯ ግድግዳ ላይ ተደግፋ ስትቆም ጭንቅላቷ ላይ መጽሐፍ ተደርጎ በእርሳስ ምልክት ይደረግ።

ጉዳትን በተመለከተ የሴቶች ልጆች ጉልበት ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ከጉርምስና በኋላ የጉልበት መስቀለኛ ጅማት መበጠስ ከወንዶች ይልቅ በእነርሱ ላይ በብዙ ይበልጣል። ብዙ ጊዜም የሚደርሰው ማንም ሳይነካቸው፣ ከዝላይ ሲያርፉ ወይም በድንገት ሲታጠፉ ጉልበታቸው ወደ ውስጥ ሲገባ ነው። እንዲህ ያለ ጉዳት ልጅን ለወራት ከሜዳ ያስቀራል። መከላከያው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ፊፋ 11+ የሚባለው ሀያ ደቂቃ ያህል የሚወስድ የማሟሟቂያ ልምምድ አለ፤ ሩጫን፣ ሚዛን መጠበቅን፣ በአንድ እግር ቁጢጥ ማለትንና በትክክል ማረፍን ያሠራል። በኖርዌይ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተሠርቶ በ2008 እ.ኤ.አ. የታተመ ትልቅ ጥናት ይህን አዘውትረው የሠሩት ቡድኖች የጉዳት መጠን በሲሶ ያህል ዝቅ ማለቱን አሳይቷል። ስለዚህ እናቲቱ ልጇን ይዛ ሜዳ ስትደርስ ልምምዱ እንዴት እንደሚጀመር ትመልከት። ልጆቹ ሜዳውን ሁለቴ ዞረው ወዲያው ጨዋታ ከገቡ፣ አሰልጣኙን በአክብሮት ብትጠይቀው ነውር የለበትም።

በጥቂት ቀናት እንድትሞከር የሚለው ጥያቄም ምክንያት አለው። የአንድ ቀን ሙከራ ላይ የማይተዋወቁ ልጆች ይሰለፋሉ፤ ሁሉም ራሱን ማሳየት ስለሚፈልግ ኳስ የሚያቀብል የለም። በዚህ መሐል የመስመር ተከላካይዋ ኳስ ሳትነካ ጨዋታው ሊያልቅ ይችላል። በተከታታይ ልምምድ ላይ ግን አሰልጣኙ ያረማትን ነገር በሚቀጥለው ቀን ይዛ መምጣቷን ያያል፤ በዚህ ዕድሜ ከሁሉ የበለጠ ሊመዘን የሚገባው ደግሞ መማር መቻሏ ነው። አካዳሚው ብዙ አመልካች ካለውና አንድ ቀን ብቻ ካለ፣ እሺ ብሎ መቀበል ነው፤ ጥያቄው ግን ጉዳት የለውም።

ወላጅ አብሮ መገኘቱን መጻፉ ለጨዋነት ብቻ አይደለም። ልጅቷ ካለፈች በኋላ አዳሪ የምትሆን ከሆነ፣ ማደሪያው ውስጥ ኃላፊነት ያለባት ሴት ሠራተኛ መኖሯን፣ ትምህርቷን የት እንደምትቀጥልና ስትጎዳ የሕክምናዋን ወጪ ማን እንደሚሸፍን መጠየቅ የሚቻለው ፊት ለፊት ነው። ለሙከራ ገንዘብ አምጡ የሚል ሰው ካለ ደረሰኝ ይጠየቅ፤ ካልሰጠ ነገሩ እዚያው ላይ ይቁም። ልጅሽን ውጭ አገር ወስጄ ክለብ አስፈርምልሻለሁ የሚል ደላላ ከመጣ ደግሞ አትመኑት። በፊፋ ደንብ መሠረት ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች በጥቂት የተወሰኑ ሁኔታዎች ካልሆነ በቀር ከአገር አገር መዛወር አይችልም፤ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ለኳስ ብቻ ብሎ ማስፈረም ከእነዚያ አንዱ አይደለም።

መልሱ አልተቀበልናትም ቢሆን እናቲቱ አንድ ነገር ትጠይቅ፤ በምን ምክንያት፣ መቼስ ተመልሳ መሞከር ትችላለች? ብዙ አሰልጣኞች ወላጅ በቁጣ ካልመጣባቸው በቅንነት ይመልሳሉ። መልሱ ገና እያደገች ነው የሚል ከሆነ በግድግዳው ላይ ያለው የእርሳስ ምልክት ለጥቂት ወራት ባለበት ሲቆም እንደገና መጻፍ ይቻላል። ቀኝ እግሯ ደካማ ነው ከተባለ ደግሞ የሰፈሯ አሰልጣኝ እስከሚቀጥለው ክረምት የሚያሠራት ነገር ተገኘ ማለት ነው፤ በሚቀጥለው ደብዳቤ ላይም ይህ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ።