የዝንጀሮው ልብ፦ ሰውን ከእንስሳ የምናስበልጠው በምን መለኪያ ነው?

በ1984 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ በሚገኘው የሎማ ሊንዳ ሆስፒታል ዶክተር ሊዮናርድ ቤይሊ የልቧ ግራ ክፍል በቅጡ ሳያድግ ለተወለደች ሕፃን የዝንጀሮ ልብ ተከሉላት። «ቤቢ ፌይ» ተብላ የምትታወቀው ይህች ሕፃን ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሦስት ሳምንት ያህል ኖራ አረፈች። ሁሉም ስለ እሷ ሲነጋገር አሜሪካዊው ፈላስፋ ቶም ሬገን ሌላም ተጎጂ አለ አለ፤ ልቡ የተወሰደበት ዝንጀሮ።

«ዝንጀሮ እኮ ነው!» የሚል አይጠፋም። ምክንያቱን ቢጠየቅ ዝንጀሮ አያመዛዝንም፣ አይናገርም፣ ትክክልና ስሕተትን አይለይም ይላል። ሙግቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንጎሉ ክፉኛ ተጎድቶ የተወለደ ሕፃን እናስብ። ጤነኛ ሕፃን ነገ አድጎ ያስባል፤ ይህኛው ግን ዕድሜውን ሁሉ ከዝንጀሮው የተሻለ ማመዛዘን አይችልም። ሆኖም ልቡን አውጥተን ለሌላ እንስጥ የሚል ሐኪም ቢመጣ ማንም እሺ አይልም። ስለዚህ መለኪያችን ማመዛዘን አልነበረም ማለት ነው። «ሕመም የሚሰማው ሁሉ» ብለን መለኪያውን ዝቅ ብናደርግ ደግሞ ሕፃኑ ሲገባ ዝንጀሮውም አብሮት ይገባል። እንስሳትን ሁሉ የሚያስወጣ መለኪያ አንዳንድ ሰዎችንም ያስወጣል፤ ሰዎችን ሁሉ የሚያቅፍ መለኪያ አንዳንድ እንስሳትንም ያቅፋል። ፈላስፋው ፒተር ሲንገር በ1975 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ሐሳብ በሰፊው አስተዋውቋል።

መልስ የሰጡ አሉ። ፈላስፋው ካርል ኮኸን በ1986 ዋናው ነገር የግለሰቡ ችሎታ ሳይሆን ወገኑ ነው ብሎ ተከራከረ፤ የሰው ዘር በጠቅላላው ሥነ ምግባራዊ ፍርድ መስጠት ስለሚችል ችሎታው የጎደለውም መብቱ አይጓደልበትም። ተቺዎቹ ግን አንዱ የሌለውን ችሎታ ሌሎች ስላላቸው እንዴት ይቆጠርለታል ይላሉ። ከባድ የአእምሮ ጉዳት ያለባት ልጅ እናት የሆነችው ፈላስፋ ኢቫ ኪታይ በበኩሏ ሚዛኑን ራሱን ትቃወማለች። በእሷ አስተያየት የሰው ክብር በችሎታ ዝርዝር አይለካም፤ እያንዳንዱ ሰው የአንዲት እናት ልጅ ነው፣ ክብሩም ከዚህ ዝምድና ይመነጫል።

የአካል ጉዳተኞች ተሟጋቾች ሙግቱን የሚጠራጠሩበት ምክንያት አላቸው። ሙግቱ የሚጠይቀው ወጥ እንድንሆን ብቻ ነው፤ ወጥነት ደግሞ ወደ ላይም ወደ ታችም ይሄዳል። ሬገን ዝንጀሮውን ወደ ሕፃኑ ደረጃ ያወጣበታል። ፈላስፋው አር. ጂ. ፍሬይ ግን በእንስሳት ላይ የሚደረግ ምርምር ከተፈቀደ፣ በመርህ ደረጃ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ባሉ ሰዎች ላይ የሚደረገውንም መከልከል አይቻልም እስከ ማለት ደርሷል። ስለዚህ ሙግቱ ብቻውን ዝንጀሮውን አያድነውም። የሚያድነው «ያን ሕፃን መንካት ክልክል ነው» የሚለው እምነት ሲጨመርበት ነው። ይህን እምነት ይዞ ዝንጀሮውን መንካት የሚፈቅድ ሰው ግን ልዩነቱ ምን እንደሆነ የማስረዳት ዕዳ አለበት።