የሺህ ዶላሩ ቦንድ በ940 ዶላር የሚሸጠው ለምንድን ነው?

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2007 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ ዩሮቦንድ ሸጣ ከዓለም ገበያ 1 ቢሊዮን ዶላር ተበደረች። ውሉ አጭር ነበር። በየዓመቱ 6.625 በመቶ ወለድ በስድስት በስድስት ወር ተከፋፍሎ ይከፈላል፤ ዋናው ገንዘብ ደግሞ በአሥረኛው ዓመት፣ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም.፣ በአንድ ጊዜ ይመለሳል። በየስድስት ወሩ የሚከፈለው ወለድ ኩፖን ይባላል።

ኩፖኑ እስከ መጨረሻው አይለወጥም፤ የቦንዱ ዋጋ ግን በየቀኑ ይለዋወጣል። ቦንዱን ከሌላ ባለሀብት የሚገዛ ሰው የሚገዛው ወደፊት የሚመጣ ገንዘብ ነው፤ ነገ የሚመጣ ገንዘብ ደግሞ እጅ ላይ ካለው ያንሳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ክፍያ ወደ ዛሬ ዋጋው መልሶ መደመር አለበት።

ውሉ ሊያበቃ ሁለት ዓመት ሲቀረው የነበረውን ሁኔታ እንመልከት። የ1,000 ዶላር ድርሻ ለያዘ ሰው አራት ክፍያዎች ይቀሩታል። ሦስቱ 33.125 ዶላር ናቸው፤ የመጨረሻው ኩፖንና ዋናው ገንዘብ ተደምሮ 1,033.125 ዶላር ይሆናል። ገበያው በዓመት 10 በመቶ፣ ማለትም በስድስት ወር 5 በመቶ፣ ቢጠይቅ የመጀመሪያው ክፍያ ለ1.05 አንድ ጊዜ ይካፈላል፤ 31.55 ዶላር ይሆናል። ሁለተኛው ሁለት ጊዜ ተካፍሎ 30.05፣ ሦስተኛው ሦስት ጊዜ ተካፍሎ 28.61 ይሆናል። አራት ጊዜ የሚካፈለው የመጨረሻው ክፍያ 849.95 ዶላር ይወጣዋል።

ድምሩ 940.16 ዶላር ነው። ገበያው 6.625 በመቶ ብቻ ቢጠይቅ ኖሮ ድምሩ በትክክል 1,000 ዶላር ይሆን ነበር፤ ከዚያ ባነሰ ወለድ ደግሞ ከ1,000 ይበልጣል።

የቀረው ጊዜ ሲረዝም ጉዳቱ ይከፋል። ያው ቦንድ አሥር ዓመት ቢቀረው ኖሮ፣ በዚያው 10 በመቶ ዋጋው ወደ 790 ዶላር ይወርድ ነበር፤ ዋናው ገንዘብ ሃያ ጊዜ ለ1.05 ይካፈላልና።

በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ግምት አለ፦ ክፍያዎቹ ሁሉ በቀናቸው ይመጣሉ የሚል። ገዢው ይህን ከተጠራጠረ ከፍ ያለ ወለድ ይጠይቃል። በዓመት 30 በመቶ ከጠየቀ አራቱ ክፍያዎች ተደምረው 666 ዶላር ገደማ ብቻ ይሆናሉ። ስለዚህ የሁለት ዓመት ዕድሜ የቀረው ቦንድ እንዲህ ረክሶ ሲገኝ፣ ገዢ ርካሽ ዕቃ አገኘሁ ከማለቱ በፊት ገበያው የፈራው ምን እንደሆነ መጠየቅ አለበት።

በዚህ ቦንድ ፍርሃቱ ደርሷል። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ሊከፈል የነበረው 33 ሚሊዮን ዶላር ኩፖን አልተከፈለም፤ ከዓመት በኋላም የዋናው 1 ቢሊዮን ዶላር መክፈያ ቀን ሳይከፈል አለፈ።